ጳጉሜን 6ን የዋጠው ኮሚት

በጊትሀብ ላይ የባልደረባውን ኮድ አይቶ ያጸደቀ ፕሮግራመር አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ ይጫናል፤ ኮዱም ከዋናው ጋር ይቀላቀላል። ከቁልፏ ጎን ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት አለች። እሷን የነካ ሰው ሦስት ምርጫ ይመጣለታል፦ `Create a merge commit`፣ `Squash and merge` እና `Rebase and merge`። በሦስቱም መንገድ ፋይሎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። ተጠቃሚው ስልኩ ላይ የሚያየው ልዩነት የለም። ብዙ ቡድን መጀመሪያ ቀን ያገኘውን ምርጫ ሳይነካ ለዓመታት የሚቀጥለውም ስለዚህ ነው። ልዩነቱ የሚገለጠው ከወራት በኋላ፣ አንድ ነገር ተበላሽቶ «ይህን መስመር ማን አስገባው? ለምን?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ነው።

ጊት ራሱ የተወለደው በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መሀል ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ከርነል ገንቢዎች እስከዚያ ሲጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ ሶፍትዌር በነጻ መሰጠቱ ሲቋረጥባቸው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በሚያዝያ ወር የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። ዓላማው በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ሠርተው፣ ሥራቸውን ማን ምን እንዳደረገ ሳይጠፋ እንዲያገናኙ ነበር። የሦስቱን ምርጫዎች ልዩነት ለመረዳት ከዚህ መሣሪያ ውስጥ አንዲት ነገር ማወቅ ይበቃል፤ እሷም ኮሚት ናት።

ኮሚት ማለት ፕሮጀክቱ በአንድ ወቅት የነበረበት ሙሉ መልክ ነው። አብረውት የጸሐፊው ስም፣ ሰዓቱ፣ አጭር መግለጫ እና የወላጁ ማለትም ከሱ በፊት የነበረው ኮሚት መለያ ይቀመጣሉ። ጊት ይህን ሁሉ አንድ ላይ ወስዶ አስልቶ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣለታል፤ ሃሽ ይሉታል። ከመግለጫው አንዲት ፊደል ብትቀየር ወይም ወላጁ ቢለወጥ ሃሹም ይለወጣል። የሱ ሃሽ ሲለወጥ ደግሞ እሱን ወላጄ የሚሉት ሁሉ ይለወጣሉ። ስለዚህ በጊት ውስጥ ያለፈ ኮሚትን ማረም ወይም ከቦታው ማንሳት የሚባል ነገር የለም። ማድረግ የሚቻለው የሚመስለውን አዲስ ኮሚት ሠርቶ አሮጌውን መተው ብቻ ነው።

አሁን ለትምህርት ቤቶች የተማሪ መመዝገቢያ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቡድን አለ እንበል። ፕሮግራማቸው የልደት ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀበላል። እስካሁን ድረስ ጳጉሜን ላይ ከ1 እስከ 6 ያለውን ቀን ሁሉ ዝም ብሎ ያሳልፍ ስለነበር፣ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ በነበረችበት ዓመት «ጳጉሜን 6 ተወለደ» የተባለ ልጅ ተመዘገበ። አንዲት የቡድኑ ፕሮግራመር ይህን እንድታስተካክል ተሰጣትና `pagume` የሚል ብራንች ከፈተች፤ ከዋናው ተገንጥላ ለብቻዋ የምትሠራበት መስመር ማለት ነው። አምስት ኮሚት ሠራች። የመጀመሪያው ዋናውን ስሌት ያዘ፦

```
def pagume_days(year):
    return 6 if year % 4 == 3 else 5
```

ይህ ትክክል ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 የሚተርፍበት ማለት ነው። 2015 እንዲያ ነበር፤ 2019ም እንዲያው ነው። ሁለተኛው ኮሚት ለ2013 እና ለ2014 ብቻ የሚፈትን ቴስት ጨመረ። ሦስተኛው የምዝገባ ቅጹን መቀየር የጀመረችበት ሲሆን ግማሽ ላይ እያለ የተቀመጠ ነው፤ በዚያ ኮሚት ላይ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይነሳም። አራተኛው ቅጹን ጨረሰ፤ በዚያው እግረ መንገድ ስሌቱን «አሳመረ»፦

```
def is_leap(year):
    return year % 4 == 0

def pagume_days(year):
    return 6 if is_leap(year) else 5
```

የፈረንጅ አቆጣጠር የለመደ እጅ ያደረገው ነው። 3 የነበረው 0 ሆነ፤ ተጨማሪዋ ቀን ከሉቃስ ወደ ዮሐንስ ተዛወረች። ቴስቱ የሚፈትናቸው ሁለቱ ዓመታት በአሮጌውም በአዲሱም ስሌት 5 ቀን ስለሚሰጡ ምንም አልታየም። አምስተኛው ኮሚት የፊደል ስህተት ማረሚያ ነበር። እሷ ይህን ስትሠራ ሌሎች ባልደረቦቿ በዋናው መስመር ላይ B እና C የሚባሉ ሁለት ኮሚቶች አስገብተዋል። ሥዕሉ ይህን ይመስላል፦

```
A---B---C                    main
 \
  p1--p2--p3--p4--p5         pagume
```

አረንጓዴዋ ቁልፍ የምትጫነው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ተራ መርጅ ነው። ጊት አንድ አዲስ ኮሚት M ይሠራል። M ከሌሎቹ የሚለየው ሁለት ወላጅ ስላለው ነው፤ አንዱ ከዋናው መስመር C፣ ሌላው ከብራንቹ p5። አምስቱም ኮሚቶች እንደነበሩ፣ ሃሻቸው ሳይነካ ይቆያሉ። በሊኑክስ ውስጥ ወላጆቹ ሁለት ብቻ ያልሆኑ መርጆችም አሉ። በ2014 መጀመሪያ የገባ አንድ መርጅ 66 ወላጅ ነበረው፤ ቶርቫልድስ ተቀበለው፣ ግን ልክ ማለፉን ከመናገር አልተቆጠበም።

```
A---B---C-------------M
 \                   /
  p1--p2--p3--p4--p5
```

ሁለተኛው ስኳሽ ነው። የአምስቱ ኮሚት ድምር ለውጥ ተወስዶ አንድ ኮሚት S ይሆንና C ላይ ይቀመጣል። S ወላጁ አንድ፣ እሱም C ነው። ከ p1 እስከ p5 ስላሉት በዋናው ታሪክ ውስጥ ምንም አይታወቅም። ቃለ ጉባኤ እንደማለት ነው፤ ውሳኔው ይሰፍራል፣ በስብሰባው መሀል የተባለውና የተመለሰው አይሰፍርም።

```
A---B---C---S
```

ሦስተኛው ሪቤዝ ነው። አምስቱ ኮሚቶች አንድ በአንድ ተገልብጠው በ C ላይ እንደ አዲስ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ወላጅ ከ A ወደ C ስለተቀየረ ሁሉም አዲስ ሃሽ ያወጣሉ። ይዘታቸው የአሮጌዎቹ ቅጂ ነው፤ ማንነታቸው ግን ሌላ ነው። ታሪኩን የሚያነብ ሰው ፕሮግራመሯ B እና C ካለቁ በኋላ ቁጭ ብላ በተርታ የሠራች ይመስለዋል።

```
A---B---C---p1'--p2'--p3'--p4'--p5'
```

ከስምንት ወር በኋላ አንዲት እናት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጇን መዋዕለ ሕፃናት ልታስመዘግብ መጣች። ቅጹ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» አላት። በዚህ መሀል በዋናው መስመር ላይ ወደ 600 የሚጠጋ ኮሚት ተከማችቷል፤ ከስምንት ወር በፊት የነበረው ፕሮግራም ይህንኑ ቀን ይቀበል እንደነበር ይታወቃል። ለዚህ ጊት `git bisect` የሚባል ፈላጊ አለው። ደህና የነበረውንና የተበላሸውን ኮሚት ሲነግሩት መሀል ላይ ያለውን ያወጣና «ይህስ?» ይላል። መልሱ ግማሹን ስለሚጥል 600 ኮሚት ውስጥ ጥፋተኛውን ለማግኘት አሥር ያህል ሙከራ ይበቃል።

ቡድኑ ስኳሽ አድርጎ ከነበረ ፍለጋው ያለ እንከን ይሄድና S ላይ ይቆማል። መንገድ ላይ የሚያደናቅፍ ግማሽ ሥራ የለም። ግን S 14 ፋይል የነካ፣ 380 መስመር የለወጠ ነው እንበል፤ መግለጫውም «የጳጉሜን ቀናት ተስተካከሉ» ይላል። ያቺ 0 ከ380 መስመር ውስጥ በዓይን መፈለግ አለባት። `git blame` በተባለው ትእዛዝ ያቺን መስመር ቢጠይቁም መልሱ ያው S ነው፤ ይህች መስመር «ኮድ ለማሳመር» ስትባል እንደተቀየረች የሚናገር ነገር አይገኝም።

ሪቤዝ ከሆነ ፍለጋው የሚያመራው ወደ p4' ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ ያለው ኮሚት። ግን መንገዱ ላይ p3' አለ፤ ፕሮግራሙ የማይነሳበት። ፈታኙ እዚያ ሲደርስ ደህና ነው ወይም ተበላሽቷል ማለት ስለማይችል `git bisect skip` ብሎ ያልፈዋል። p2' ደህና፣ p4' የተበላሸ፣ በመሀል ያለው ያልተፈተነ ከሆነ ጊት «ከሁለቱ አንዱ ነው» ብሎ ሁለቱንም ይዘረዝራል። እዚህ ጋ ጉዳቱ ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ብራንች ውስጥ ሁለት ሦስት የማይነሳ ኮሚት ወደ ዋናው የሚያስገባ ቡድን ግን ቢሴክትን ቀስ በቀስ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። የማያነሳሱ ኮሚቶች ተያይዘው ሲመጡ ፈላጊው የሚመልሰው ዝርዝር እየረዘመ ይሄዳል።

በተራ መርጅ ደግሞ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም ይህን ነው። ዝም ብሎ ቢሴክት ያደረገ በብራንቹ ውስጥ ገብቶ p4ን ያገኛል፤ የ p3 እንቅፋትም ይገጥመዋል። ከ2020 ወዲህ ባሉት የጊት ስሪቶች ግን እንዲህ ማለት ይቻላል፦

```
git bisect start --first-parent
```

ይህ ሲባል ጊት የእያንዳንዱን መርጅ የመጀመሪያ ወላጅ ብቻ ተከትሎ በዋናው መስመር ላይ ይሄዳል፤ በየብራንቹ ውስጥ ያሉትን ግማሽ ሥራዎች አይነካም። M ላይ ሲቆም የትኛው ብራንች እንዳጠፋ ይታወቃል። ከዚያ በዚያ ብራንች አምስት ኮሚት ውስጥ ብቻ መፈለግ ነው። `git log --first-parent` ብሎ ታሪኩን ያየ ሰውም በስኳሽ የሚገኘውን አጭር ዝርዝር ያገኛል፤ ዝርዝሩን ሲፈልግ ግን ዝርዝሩ አለ። መርጅን የሚጠሉ ሰዎች ዘወትር የሚያነሱት «ታሪኩ እንደ ሸረሪት ድር ተጠላለፈ» የሚለው ቅሬታ ግማሽ ያህሉ ታሪኩን በምን ትእዛዝ እንደሚያዩት የሚመለከት ነው።

ይህ ማለት ግን መርጅ ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ያቺው እናት ቆማ ስትጠብቅ ቡድኑ ቶሎ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብራንቹን በሙሉ መሰረዝ ነው። ስኳሽ ለዚህ የተመቸ ነው፤ `git revert` ብሎ የ S ን ሃሽ መስጠት ይበቃል። በሪቤዝ ከሆነ አምስቱን በተርታ መሰረዝ ያስፈልጋል፤ `git revert C..p5'` እንደማለት፤ ብራንቹ የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ ግን ታሪኩ ስለማይናገር መጀመሪያ እሱን መፈለግ ያሻል። በመርጅ ከሆነ M ሁለት ወላጅ ስላለው ጊት «ከየትኛው አንጻር ልሰርዝ?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ 1 ነው፦

```
git revert -m 1 M
```

ወጥመዱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ፕሮግራመሯ ወደ ብራንቿ ተመልሳ 0ውን ወደ 3 ታርማለች፤ p6 ብላ ትጨምረዋለች፤ ብራንቹን እንደገና መርጅ ታደርጋለች። ጊት ምንም ሳያማርር ይቀበላል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ግን ከ p1 እስከ p5 የተሠራው አንዱም የለም፤ የገባው p6 ብቻ ነው፤ ወይም p6 የሚያርመው መስመር ስለሌለ ኮንፍሊክት ይነሳል። ጊት ጥፋት አልሠራም። በሱ ዕይታ ከ p1 እስከ p5 ያሉት ኮሚቶች በ M በኩል ቀድሞውኑ የታሪኩ አካል ናቸው፤ የተሰረዘው ይዘታቸው ነው እንጂ መግባታቸው አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛ አያስገባቸውም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ስረዛውን ራሱን መሰረዝ፣ ከዚያ p6ን ማስገባት ነው። ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው ስላሳሳተ ከጊት መመሪያዎች ውስጥ `revert-a-faulty-merge` የሚል ለዚህ ብቻ የተጻፈ ገጽ አለ።

ስኳሽ የራሱ ወጥመድ አለው፤ በትንንሽ ቡድኖች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥመውም ይኸኛው ነው። ፕሮግራመሯ `pagume` እስኪጸድቅ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በ p5 ላይ ተመሥርታ `report` የሚል ሁለተኛ ብራንች ከፈተችና q1 እና q2ን ሠራች። የመጀመሪያው በስኳሽ ገባ። ሁለተኛውን ለማስገባት ስትጠይቅ ዝርዝሩ ሰባት ኮሚት ያሳያል፤ ከ p1 እስከ p5 ያሉት እንዳልገቡ ተቆጥረዋል። በእርግጥም አልገቡም፤ የገባው ከእነሱ ጋር ምንም የዝምድና መስመር የሌለው S ነው። q1 ከ p4 መስመሮች አንዱን ነክቶ ከሆነ ጊት በአንድ በኩል S ለውጦታል፣ በሌላ በኩል q1 ሌላ አድርጎታል ብሎ ኮንፍሊክት ያነሳል። ፕሮግራመሯ ከራሷ ሥራ ጋር ትጣላለች።

መውጫው አንድ ትእዛዝ ነው፦

```
git rebase --onto main pagume report
```

«ከ `pagume` በኋላ በ `report` ላይ ያሉትን ብቻ ውሰድና በ `main` ላይ አስቀምጥ» ማለት ነው። q1 እና q2 ብቻ ይነሳሉ። ይህ እንዲሠራ አሮጌው `pagume` ብራንች በኮምፒውተሯ ላይ ሳይሰረዝ p5 ላይ መቆየት አለበት፤ ስኳሽ ተደርጎ ሲያበቃ ብራንቹን ወዲያው የማጥፋት ልማድ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። ከዚህ የሚከፋው በሁለት ዘላቂ ብራንቾች መካከል፣ ለምሳሌ ከ `develop` ወደ `main`፣ ስኳሽ ማድረግ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ የጋራ ታሪክ ስለማያገኙ በየወሩ ያው ኮንፍሊክት ይመለሳል፤ በየወሩም ይፈታል። እንዲህ ባለ ቦታ ተራ መርጅ እንጂ ሌላ አማራጭ የለም ማለት ይቻላል።

በስኳሽ የቀረው ኮሚት ፈጽሞ ጠፋ ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጊትሀብ ላይ የፑል ሪኩዌስቱ ገጽ እስካለ ድረስ አምስቱም እዚያው ይነበባሉ። ግን ፕሮጀክቱን ወደ ኮምፒውተሩ የገለበጠ ሰው እንደ ልማዱ ሲያመጣ አብረው አይመጡም። ቡድኑ ነገ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ቢዛወር ሪፖዚተሪው ይሄዳል፤ ገጹ ላይ የቀረው ክርክርና ኮሚት መከተሉ ግን እርግጥ አይደለም።

ሪቤዝን በተመለከተ ሁሉም የሚያውቀው ሕግ ሌላ ሰው የሚሠራበትን ብራንች ሪቤዝ አለማድረግ ነው። ምክንያቱ ከላይ ከተባለው ይወጣል፤ ኮሚቶቹ ይገለበጣሉ እንጂ አይነሱም። ሁለት ሰዎች `pagume` ላይ ሲሠሩ አንዷ ሪቤዝ አድርጋ በኃይል ፑሽ ብታደርግ፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ያሉት አሮጌዎቹ p1 እስከ p5 ናቸው። እሱ ፑል ሲያደርግ አሮጌዎቹና ቅጂዎቹ ይቀላቀላሉ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ `git log` ውስጥ ያው መግለጫ፣ በዚያው ጸሐፊ፣ በተለያየ ሃሽ ሁለት ጊዜ ይታያል። በኃይል ፑሽ ማድረግ ግድ ሲሆን `--force` ከማለት `--force-with-lease` ማለት ይሻላል፤ ይህ ሌላ ሰው በመሀል ያስገባው ነገር ካለ እምቢ ይላል። ተሳስቶ ሪቤዝ ያደረገም ተስፋ መቁረጥ የለበትም። አሮጌዎቹ ወዲያው አይጠፉም፤ `git reflog` ውስጥ፣ ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ቢያንስ ለ30 ቀን ይቆያሉ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው የሪቤዝ ችግር ግን ሌላ ነው። በፑል ሪኩዌስቱ ላይ ቴስቱ የተካሄደው በ p5 ላይ ነበር። ከሪቤዝ በኋላ ያሉት p1' እስከ p4' ግን በ C ላይ ተቀምጠው ማንም አስነስቷቸው የማያውቅ አዳዲስ ኮሚቶች ናቸው። C አንድን ፈንክሽን ስም ቀይሮ ከሆነ፣ p2' ያንን አሮጌ ስም እየጠራ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው መስመር ላይ ስላልተጋጩ ጊት ኮንፍሊክት አያነሳም። ታሪኩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ መሀሉ ግን ያልተፈተነ ነው። ይህን የሚያስቀር ትእዛዝ አለ፦

```
git rebase --exec "make test" main
```

ከእያንዳንዱ ኮሚት በኋላ ቴስቱን ያስኬዳል፤ አንዱ ከወደቀ እዚያው ይቆማል። ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ቴስት ላለው ፕሮጀክት ውድ ነው፤ ለአምስት ኮሚት ግን ብዙ ጊዜ ቡና እስኪፈላ አይዘልቅም። ደግሞ ጊትሀብ ላይ ያለችው የሪቤዝ ቁልፍ ቴስት ይህን አታደርግም። ጭራሽ ብራንቹ ከ C በቀጥታ የወጣ ሆኖ ሪቤዝ ባያስፈልገውም እንኳ ሃሹን ትቀይራለች፤ በዲጂታል ፊርማ የተፈረሙ ኮሚቶችም ፊርማቸውን ያጣሉ።

ታዲያ የትኛው? ሁሉንም የሚወስነው አንድ ጥያቄ ነው፤ በብራንቹ ላይ ያሉት ኮሚቶች እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢነበቡ ትርጉም ይሰጣሉ ወይ? የፕሮግራመሯ አምስት ኮሚት እንደተጻፈ አይሰጥም። አንዱ ግማሽ ሥራ፣ አንዱ የፊደል ማረሚያ፣ አንዱ ሁለት ሥራ የተቀላቀለበት ነው። እንዲህ ያለውን እንዳለ መርጅ ወይም ሪቤዝ ማድረግ ከስኳሽ ብዙም አይሻልም። ብራንቻቸው ትንሽ፣ ኮሚታቸው ረቂቅ ለሆነ ቡድኖች ስኳሽ ጥሩ መነሻ ነው፤ 380 መስመር ሳይሆን 60 መስመር በአንድ ጊዜ ካስገቡ ቢሴክት S ላይ መቆሙ አይከፋም።

ነገር ግን ከመግባቱ በፊት በራሷ ብራንች ላይ `git rebase -i main` ብላ አምስቱን ወደ ሦስት ብታሰናዳቸው ነገሩ ይለወጣል፦ ስሌቱ ከነቴስቱ፣ የምዝገባ ቅጹ ሙሉ ሆኖ፣ የ `is_leap` መውጣት ደግሞ ለብቻው። ሦስቱም የሚነሱ፣ ሦስቱም የሚነበቡ ናቸው። ከዚያ በተራ መርጅ ይገባሉ። ብራንቹ የት እንደጀመረና እንዳበቃ M ይናገራል፤ ውስጡ ደግሞ የተሰናዳ ነው። የጊት ፕሮጀክት ራሱ እንዲህ ይሠራል፤ አስተዋጽኦ አድራጊዎች ሥራቸውን ደጋግመው ሪቤዝ አድርገው ካጠሩ በኋላ፣ ከ2005 ጀምሮ ፕሮጀክቱን የሚመራው ጁኒዮ ሃማኖ እያንዳንዱን ርዕስ በመርጅ ኮሚት ያስገባል። የኤልኤልቪኤም ኮምፓይለር ፕሮጀክት ደግሞ ተቃራኒውን መርጧል፤ በ2019 ወደ ጊት ሲዛወር ዋናው መስመር ላይ መርጅ ኮሚት አልፈቀደም፤ ታሪኩ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለቱም ግዙፍ የሥራ ክምችት ያላቸው ፕሮጀክቶች ናቸው፤ ሁለቱንም የሚያገናኘው ወደ ዋናው የሚገባው እያንዳንዱ ኮሚት ተነባቢና የሚነሳ እንዲሆን መጠየቃቸው ነው።

ውሳኔው ላይ የደረሰ ቡድን በየቀኑ ከማስታወስ ይልቅ ሪፖዚተሪው ላይ ቢያስረው ይቀለዋል። ጊትሀብ ላይ `Settings` ውስጥ ከሦስቱ የማይፈለገውን ማጥፋት ይቻላል፤ ቀስቷ ስትነካም አይታይም። ስኳሽን የመረጡ ደግሞ አንዲት ተጨማሪ ነገር ማየት አለባቸው። እዚያው ጋ የስኳሽ ኮሚት መግለጫ ከየት እንደሚወሰድ የሚመረጥበት ቦታ አለ። ካልተነካ አብዛኛውን ጊዜ የየኮሚቱን መግለጫ ደርድሮ ይለጥፋል፤ «አሁን ይሠራል»፣ «የፊደል ስህተት»፣ «እንደገና» የሚሉት ሁሉ በዋናው ታሪክ ውስጥ ይቀራሉ። ከፑል ሪኩዌስቱ ርዕስና ማብራሪያ እንዲወስድ ሲደረግ ግን ለምን እንደተሠራ የተጻፈው አብሮ ይገባል፤ ከስምንት ወር በኋላ `git blame` ያደረገ ሰው የሚያገኘውም ያንን ነው።